ያሪስ ወይስ የጎረቤት ቪትዝ? በወር ስንት ያስወጣል?

*ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፦ እኔና ባለቤቴ ተቀጣሪዎች ነን፤ የምንኖረው አያት በኪራይ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሁለት ልጆች አሉን። የሁለታችን የተጣራ ደመወዝ 78,000 ብር ነው፤ ከወጪያችን በኋላ በየወሩ 20,000 ብር እናስቀምጣለን። ባንክ 1,200,000 ብር አለን። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር 400,000 ብር ተበድሮ በ1,600,000 ብር ያሪስ እንግዛ ይላል፤ ለ4 ዓመት በየወሩ 11,100 ብር ከደመወዙ ይቆረጣል። ለታክሲ 4,000፣ ለልጆቹ ሰርቪስ 3,000 የምናወጣው ስለሚቀር ለቤንዚን 15,900 ብር ይኖረናል ብሎ አስልቷል። ለያሪሷ ሙሉ ኢንሹራንስ በዓመት 42,000 ብር ተብለናል። እኔ ደግሞ ጎረቤታችን በ1,000,000 ብር የሚሸጣትን ዕድሜዋ የገፋ ቪትዝ ያለ ብድር ብንገዛ እመርጣለሁ። እሱ የሚሠራው ሜክሲኮ፣ እኔ መገናኛ ነው፤ ደርሶ መልሱ 35 ኪሎ ሜትር ያህላል። ማታ የምንወጣበት ሰዓት አይገናኝም። የትኛውን እንችላለን?*

*ከአያት*

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ያሪሷን በዚህ አኳኋን አትችሏትም። ቪትዟንም ቢሆን በየቀኑ ወደ ሥራ የምትመላለሱባት ከሆነ አትችሏትም፤ በልክ ከተነዳችና መካኒክ አይቶ ከመረቃት ግን ትችሏታላችሁ። ቁጥሮቹ እንዴት ወደዚህ እንዳደረሱኝ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ባለቤትዎም የእኔን ግምት በራሳችሁ ደረሰኝ እየተካ እንዲያሰላው እፈልጋለሁና።

በመጀመሪያ የባለቤትዎ ስሌት ከሚነሣበት፣ ይቀራል ከተባለው 7,000 ብር ልጀምር። የልጆቹ ሰርቪስ የሚቀር አይመስለኝም። ጠዋት በመኪናችሁ ብታደርሷቸውም፣ እንደ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲለቀቁ እርስዎ መገናኛ፣ ባለቤትዎ ሜክሲኮ ሥራ ላይ ናችሁ። አያት የሚያነሣቸው ዘመድ ከሌለ በቀር 3,000 ብሩ መከፈሉን ይቀጥላል፤ ለግማሽ መንገድ ብቻ ዋጋ የሚቀንስ ሰርቪስም ብዙ የለም። ከታክሲውም ቢሆን ማታ ማታ እርስዎ ብቻዎን ስለሚመለሱ፣ መኪናው ጋራዥ የሚገባበት ቀንም ስለማይቀር፣ ከ4,000 ብሩ በእርግጥ የሚድነው 3,000 ብር ያህል ነው። ስለዚህ መኪናው የሚያስቀርላችሁን ወጪ 3,000 ብር እንበል።

ቀጥሎ ቤንዚን። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ ወደ ሥራ መመላለሱ ብቻ 770 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለቅዳሜና እሑድ፣ ለገበያ፣ ለቤተ ዘመድ ጥየቃ 230 ስንጨምርበት 1,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል። አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ለሚለው ሻጩ የሚነግራችሁን ቁጥር አትያዙ። ሻጮች የሚጠሩት ቁጥር መንገዱ ክፍት ሆኖ መኪናው በአንድ ፍጥነት ሲሄድ የሚገኘውን ነው፤ ከሲኤምሲ መገናኛ ባለው የጠዋት ሰልፍ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተነሡ እየቆሙ መሄድ ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነዳጅ ይበላል። እኔ ለያሪሷ በሊትር 10፣ ለቪትዟ 11 ኪሎ ሜትር ይዣለሁ። የሊትሩን ዋጋ 130 ብር አድርጌዋለሁ፤ ዋጋው በመንግሥት እየተከለሰ ስለሚወጣ በሳምንቱ ደረሰኛችሁ ላይ ባለው ቁጥር ተኩት። በዚህ መሠረት ያሪሷ በወር 100 ሊትር፣ ማለትም 13,000 ብር፣ ቪትዟ ደግሞ 91 ሊትር፣ ማለትም 11,800 ብር ገደማ ትጠጣለች።

የቪትዟን ቁጥር በግምት መተው የለባችሁም፤ ባለቤቷ ጎረቤታችሁ ነውና ልትለኩት ትችላላችሁ። በአንድ ማደያ ታንኩን ሙሉ አስሞሉ፤ የማደያው መቅጃ በራሱ ሲቆም አቁሙ፤ ሠራተኛው ሒሳቡን ለማጠጋጋት ጥቂት ልጨምር ቢል አትፍቀዱ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ። ጎረቤታችሁ እንደ ወትሮው በከተማው ውስጥ 150 ወይም 200 ኪሎ ሜትር ይንዳት፤ ከዚያ በዚያው ማደያ በዚያው መንገድ አስሞልታችሁ የተነዳውን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉ። ውጤቱ ከ9 በታች ከሆነ ጉዳዩ ከቤንዚን ያልፋል፤ ያረጀ ካንዴላ፣ የታፈነ ፊልትሮ፣ በትክክል የማይለቅ ፍሬን ወይም ከዚህ የከፋ ነገር መኖሩን ያመለክታል።

ነዳጅ የደመወዛችሁን ጭማሪ የማይጠብቅ ወጪ መሆኑንም አስቡ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ መጥቷል፤ ዋጋውም በአብዛኛው ወደ ላይ ሲሄድ ቆይቷል። በወር 91 ሊትር ለሚሞላ ቤተሰብ በአንድ ሊትር የሚጨመር 10 ብር በወር 910 ብር ነው። ስለዚህ የወር ሒሳባችሁ ዛሬ እንደምንም ዜሮ ላይ የሚገጥም ከሆነ፣ በሚቀጥለው የዋጋ ማስተካከያ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ወደ ኢንሹራንስ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች ሲጎዱ ስላየሁ ጥቂት እቆያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው መንገድ ላይ ሊወጣ አይችልም። ይህ ሽፋን ግን የሚክሰው መኪናችሁ የገጨውን ሰው ወይም ንብረት ነው፤ የእናንተን መኪና አንድ ፓራፋንጎ እንኳ አያቀናላችሁም። የራሳችሁን መኪና ከግጭት፣ ከእሳትና ከስርቆት የሚሸፍነው በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሙሉውን ትቶ በሦስተኛ ወገን ብቻ መንዳት በደንብ የተለመደ ነው። እንደ እናንተ የዓመታት ቁጠባውን በሙሉ በአንድ መኪና ላይ ለሚያሳርፍ ቤተሰብ ግን አልመክረውም። በወር 2,000 ወይም 3,000 ብር ለማዳን ሲባል አንድ ሚሊዮን ብር ያለ ከለላ መገናኛ አደባባይ ላይ ማውጣት ነውና።

ሙሉ ኢንሹራንስ ስትገቡ በውሉ የሚጻፈው የመኪናው ዋጋ ከገበያው ዋጋ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። በየዓመቱ የሚከፈለው አረቦን እንዲቀንስ ብሎ ዋጋውን አሳንሶ ማስጻፍ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን ዋጋ ሳይለውጡ ማደስ የሚያስከትለው ጉዳት የሚታወቀው አደጋ የደረሰ ቀን ነው። 1,000,000 ብር የምታወጣ መኪና በ700,000 ብር ዋስትና ገብታ 100,000 ብር የሚያስወጣ ግጭት ቢደርስባት፣ ድርጅቱ ዋስትናው ከእውነተኛው ዋጋ 70 በመቶ ብቻ ነው ብሎ 70,000 ብር ያስባል፤ ከዚያም ላይ ከየአደጋው ባለንብረቱ ራሱ እንዲሸፍን በውሉ የተቀመጠውን ድርሻ ይቀንሳል። ይህ ድርሻ ስንት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ለቪትዟም ዛሬውኑ ዋጋ ጠይቁ፤ ዕድሜዋ ለገፋ መኪና አረቦን የሚጨምሩ ወይም ሙሉ ሽፋን ለመስጠት የሚያቅማሙ ድርጅቶች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። እኔ ለስሌቱ በዓመት 30,000፣ በወር 2,500 ብር ይዣለሁ። የያሪሷ 42,000 በወር 3,500 ይሆናል። ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራና ለቦሎ ለሁለቱም በወር 400 ብር ጨምሬያለሁ።

ጥገናን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ አንደኛው ቀኑ የሚታወቅ፣ ሁለተኛው ሳይታሰብ የሚመጣ ነው። ቀኑ የሚታወቀው በኪሎ ሜትር ይሰላል። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በ5,000 ኪሎ ሜትር ሲቀየር 7,500 ብር ቢያስወጣ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። አራት ጎማ በ40,000 ብር ተገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በኪሎ ሜትር 1 ብር ነው። ለፍሬን ሸራ፣ ለባትሪ፣ ለካንዴላና ለአየር ፊልትሮ 80 ሳንቲም ስንጨምር በኪሎ ሜትር 3 ብር ከ30 ሳንቲም ይመጣል። 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በወር 3,300 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በየወሩ ከእጅ ስለማይወጣ የሌለ ይመስላል፤ አራቱ ጎማ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ግን 40,000 ብሩ በአንድ ቀን ይጠየቃል።

ሳይታሰብ የሚመጣውን ማንም በትክክል ሊነግራችሁ አይችልም፤ የምትችሉት በየወሩ እያስቀመጡ መጠበቅ ነው። እኔ ለያሪሷ 3,000፣ ለቪትዟ 5,000 ብር መድቤያለሁ። መኪና ሲያረጅ የመግዣ ዋጋው ይወርዳል፣ የጥገናው ግን ይወጣል፤ በዚህ ምክንያት ርካሿ መኪና በወር ወጪ ርካሽ ሆና አትቀጥልም። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑም ሶማሌ ተራ የምትጠየቁት ዋጋ የሚከተለው ዶላሩን እንጂ የመኪናችሁን ዕድሜ አይደለም። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያረጀች መኪና የያዘ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

ትንሽ ቸልታ ወደ ትልቅ ወጪ እንዴት እንደሚያድግ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ በአሮጌ ቪትዝ ላይ ፈልጋችሁ ልታዩት የሚገባ ነውና። ብዙ ሰው በራዲያተር ውስጥ የሚገባውን ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። ውሃው ውስጡን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቱቦዎች ይደፍናል፤ መኪናዋ ሰልፍ ውስጥ ስትቆም መሞቅ ትጀምራለች። ሾፌሩ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲወጣ ቆሞ በማጥፋት ፈንታ ቤት ልድረስ ብሎ ሲነዳት የሞተሩ የላይኛው ክዳን የሆነው ቴስታታ ከሙቀቱ የተነሣ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ኩላንት በመለወጥ ይቀር የነበረው ነገር ሞተር ማስወረድ ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ቤት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣና ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሂዱ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃው ቡናማ መሆኑን ወይም ዘይት የመሰለ ነገር የሚንሳፈፍበት መሆኑን እዩ። የሞተር ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ገልብጣችሁ ከሥሩ የተጠራቀመ ነጣ ያለ ቅባት መኖሩን ተመልከቱ። ከዚያ ሞተሩ ይነሣና ጭሱን እዩት፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ በወር 5,000 ብር ያልኩት መጠባበቂያ አይበቃም፤ መኪናዋንም መተው ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን እንደ ማስረጃ አትውሰዱት፤ 90,000 እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ከታየ ቆጣሪው ተነክቷል ማለት ነው።

ለማቆሚያና ለላቫጆ ሜክሲኮ አካባቢ በየቀኑ ለሚያቆም ሰው በወር 1,500 ብር ብንይዝ፣ የያሪሷ ወጪ በድምሩ 24,700፣ የቪትዟ 24,500 ብር ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እንድታዩዋቸው እለምናለሁ። በመግዣ ዋጋ 600,000 ብር የሚበላለጡ ሁለት መኪኖች በወር ማስኬጃ የሚለያዩት በ200 ብር ነው። በቤንዚንና በኢንሹራንስ ያዳነችውን ቪትዟ በጥገና ትበላዋለች።

አሁን የዳነውን 3,000 ብር እንቀንስ። ያሪሷ 21,700 ትሆናለች፤ የብድሩ 11,100 ሲጨመር 32,800 ብር ይመጣል። በወር የምታስቀምጡት 20,000 ነው፤ ስለዚህ በየወሩ 12,800 ብር ይጎድላችኋል። ባለቤትዎ ለቤንዚን ይኖረናል ያሉት 15,900 ብር ለቤንዚኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ይበቃ ነበር፤ ስሌታቸው የተሳሳተው ሌላውን ሁሉ በመተዉ ነው። ቪትዟ ደግሞ ያለ ብድር 21,500 ብር ስለምትፈጅ 1,500 ብር ይጎድላችኋል፤ ከአሁን በኋላም አንድ ብር አታስቀምጡም።

የብድሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። 11,100 ብር ለ48 ወራት 532,800 ብር ነው። 400,000ውን ብትቀንሱ ለወለድ የሚሄደው 132,800 ብር መሆኑን ታያላችሁ፤ ማኅበሩ ከሌላ አበዳሪ የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ያ ገንዘብ የቪትዟን የሁለት ዓመት ድንገተኛ ጥገና የሚሸፍን ነው። ከደመወዝ ቀድሞ የሚቆረጥ ብድር ሌላም ችግር አለበት፦ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ብትቆም እንኳ መቆረጡን አያቆምም።

ከመግዣ ዋጋው በላይ በመጀመሪያው ቀን የሚወጣውንም አልቆጠራችሁትም። ያሪሷ በደላላ የምትገዛ ከሆነ ከገዢ የሚጠየቀውን 2 በመቶ ኮሚሽን 32,000 ብር ያዙ። ለቴምብር ቀረጥና ለስም ማዛወሪያ እኔ 3 በመቶ፣ ማለትም 48,000 ብር ይዣለሁ። የተገዛ መኪና ወዲያው ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ምናልባትም ፍሬን ሸራና ባትሪ ስለሚጠይቅ 40,000 ጨምሩ። የኢንሹራንሱ 42,000 ብር በወር የሚከፋፈለው በእኛ ስሌት ላይ ነው እንጂ ድርጅቱ የሚቀበለው በአንድ ጊዜ ነው። ድምሩ 1,762,000 ብር ይመጣል፤ ከብድሩ ጋር ያላችሁ 1,600,000 ነው። ያሪሷ በሩ ላይ ስትደርስ 162,000 ብር ተጨማሪ ዕዳ ይዛ ትመጣለች ማለት ነው። ቪትዟ ከጎረቤት ስለምትገዛ ደላላ የለባትም። 1,000,000፣ ለስም ማዛወሪያና ለቴምብር 30,000፣ ለመጀመሪያ ጥገና 60,000፣ ለኢንሹራንስ 30,000 ሲደመር 1,120,000 ይሆናል፤ ከቁጠባችሁም 80,000 ብር ይተርፋል።

ባለቤትዎ የመኪና ዋጋ አይወርድም፣ ዛሬ ካልገዛን ነገ አንደርስበትም ብለው እንደሚከራከሩ እገምታለሁ፤ ከሚጽፉልኝ አንባቢዎች ብዙዎቹ ይህን ያነሣሉና። ያለ ምክንያትም አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት ተፈላጊ ሆነዋል። ሆኖም የመኪናዋ ዋጋ ጨመረ ማለት ቤንዚን ትገዛላችሁ ማለት አይደለም። ጭማሪው እጃችሁ የሚገባው ስትሸጧት ነው፤ ስትሸጧት ደግሞ ሌላ መኪና የምትገዙት በዚያው በጨመረው ዋጋ ነው። በየወሩ 12,800 ብር የሚጎድለው ቤተሰብ ዋጋዋ እስኪያድግ ድረስ ሊያቆያት አይችልም፤ በችኮላ ለተገኘ ገዢ ሲሸጣት ደግሞ ተስፋ ያደረገበትን ዋጋ አያገኝም። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢነሣ፣ የነዳጁን ወጪ በእጅጉ ቢያቃልልም ለእናንተ ዛሬ አይሆንም፤ በኪራይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ስለሆነ በማን ቆጣሪ፣ የትኛው ቦታ ላይ ቆማ እንደምትሞላ ሳይወሰን የሚገዛ አይደለም።

እንግዲህ ቪትዟ እንዴት ትቻላለች? መልሱ ያለው በኪሎ ሜትሩ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ፣ ቦሎውና የድንገተኛ ጥገናው መጠባበቂያ በድምሩ 7,900 ብር፣ መኪናዋ ብትቆምም ብትሄድም የሚወጣ ነው። ቤንዚኑና ቀኑ የሚታወቀው ጥገና ግን በምትነዱት ልክ ነው። የሁለታችሁም የሥራ ቦታ በቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ላይ ነው፤ አያት ተነሥቶ በመገናኛና በሜክሲኮ ያልፋል። ባቡሩ ባይመች ታክሲውን ስትጠቀሙበት ኖራችኋል። ስለዚህ መኪናዋን ለሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አውጧት። በወር ዘጠኝ ቀን ብንል 315 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሰንበቱና ለቤተሰብ ጉዳይ 230 ሲጨመር 545 ይሆናል፤ ለማይቀረው ትርፍ ጉዞ ወደ 600 አጠጋግቼዋለሁ።

በ600 ኪሎ ሜትር ቤንዚኑ 7,100፣ ቀኑ የሚታወቀው ጥገና 2,000፣ ማቆሚያና ላቫጆ 1,000 ብር ይሆናል፤ 7,900ው ሲጨመር 18,000 ብር ይመጣል። ከታክሲ የሚድነው ወደ 1,500 ስለሚወርድ የተጣራው ወጪ 16,500 ብር ነው። ከ20,000ው 3,500 ብር ይተርፋል። ቤተሰባችሁ መሸከም የሚችለው የመኪና መጠን ይህ ነው፦ ዕዳ የሌለባት፣ በወር ከ600 ኪሎ ሜትር የማትበልጥ፣ ስትገባ ከ1,120,000 ብር በላይ ያላስወጣች። በሁለቱ የሥራ ቀናት የአያት ባልደረባ ይዛችሁ የቤንዚን ድርሻ ቢያዋጣ ሒሳቡ ጥቂት ይላላል፤ ያለ እሱም ግን ይቆማል።

ያ የሚተርፈው 80,000 ብር ግን ያሳስበኛል። የቤታችሁ ወጪ በወር 58,000 ብር ስለሆነ ሁለት ወር እንኳ አይሸፍንም፤ ሁለት ልጅ ያለው ተከራይ ቤተሰብ መጠባበቂያው ከሁለት ወር ወጪ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ ጎረቤታችሁን ሁለት ወር ጊዜ ጠይቁት፤ ጎረቤት ነውና ለሌላ ገዢ የማይታሰብ ትዕግሥት ሊያሳያችሁ ይችላል። በእነዚያ ሁለት ወራት መኪናዋ እጃችሁ ላይ ያለች ያህል 16,500 ብር በደመወዝ ቀን ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውሩ፤ በቀረው ኑሩ። ልጅ ቢታመም፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ቢገጥም፣ ከዚያ ሒሳብ ሳትነኩ ካለፋችሁ 33,000 ብር ወደ መጠባበቂያችሁ ይገባል፤ የቀረውን 3,500ም ካልነካችሁት 120,000 ትደርሳላችሁ። ከሁለቱ ወራት በአንዱ እጃችሁን ወደዚያ ሒሳብ ከሰደዳችሁ ግን የ600 ኪሎ ሜትሩም ስሌት ከአቅማችሁ በላይ ነው፤ ግዢውን አቆዩት።

በዚያው ጊዜ ጎረቤታችሁ የማያውቀው መካኒክ ከፍላችሁ አምጡና የሚያስፈልጋትን ሁሉ ከነዋጋው ያስጽፍላችሁ። ዝርዝሩ በ60,000 ብር ውስጥ ከዋለ በተባለው ዋጋ ግዟት። 60,000ውን ካለፈ ያለፈውን ያህል ከ1,000,000ው እንዲቀንስላችሁ ወረቀቱን አሳይታችሁ ተነጋገሩ። ጎረቤታችሁ ዋጋውን ካልቀነሰ፣ ወይም መካኒክ አይነካትም ካለ፣ አትግዟት።